ዴር፣ ዴን፣ ዴም፦ ከፈተናው በፊት ያሉት አራት ሳምንታት

ጀርመን አገር የኢንተግራሲዮን ኮርስ የጀመረ ሰው ለቋንቋው ብቻ 600 ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት መጨረሻ የሚጠብቀው «ዶይች ቴስት ፍዩር ጹቫንደረር» የተባለው ፈተና ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ለስደተኞችና ለመጤዎች የሚሰጥ ነው። ውጤቱ ኤ2 ወይም ቤ1 ሆኖ ይወጣል። ዜግነት የሚያመለክት ሰው የሚጠየቀው ቤ1ን ነው። ታዲያ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው የኛ ተማሪዎች ከሚያነሱት ጭንቀት ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ያው ነው፤ ዴር፣ ዴን፣ ዴም።

ጀርመንኛ ስም ብቻውን አይሄድም። ከፊቱ አርቲክል ይቀድመዋል፤ አርቲክሉም ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በያዘው ቦታ ይለዋወጣል። ባለቤት ሲሆን ኖሚናቲቭ፣ ቀጥተኛ ተሳቢ ሲሆን አኩዛቲቭ፣ ተቀባይ ሲሆን ዳቲቭ፣ ባለንብረት ሲሆን ጌኒቲቭ ይባላል። አራቱ ካዙስ በሦስቱ ጾታዎችና በብዙ ቁጥር ሲባዙ 16 ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ይወጣል። አብዛኛው ተማሪ ያን ሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ገልብጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከላይ ወደ ታች መሸምደድ ይጀምራል። እዚህ የምናቀርበው የአራት ሳምንት ዕቅድ ሠንጠረዡን አይከተልም። የሚነሳው ተማሪው ራሱ ከሚሳሳታቸው ነገሮች ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የሚሳሳትበት ቦታ በአብዛኛው አስቀድሞ ይታወቃል።

(የጀርመንኛውን ቃል እዚህ በፊደላችን ድምፁን አስጠግተን ጽፈነዋል። ተማሪው በራሱ ደብተር ላይ የሚጽፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። «ዴን» እና «ዴም» በፈጣን ንግግር እምብዛም አይለዩም፤ የሚለዩት ሲጻፉ ነው።)

ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ባለው እሑድ አንድ ሥራ አለ። ሰዓት ተይዞ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ ስልክ አንድ ደብዳቤ መጻፍ። የፈተናው የጽሑፍ ክፍልም የሚሰጠው ጊዜ ይኸው 30 ደቂቃ ነው፤ ከሁለት ርዕስ አንዱን አስመርጦ አጭር ደብዳቤ ያስጽፋል። እንበልና አንዲት ፍራንክፈርት ውስጥ የምትኖር ሴት፣ ጠዋት ሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ ከሰዓት በኋላ ኮርስ የምትገባ፣ ለቤቷ አከራይ ማሞቂያው ስለ መበላሸቱ የጻፈችው ይህን ይመስላል፦

«ኢሽ ቮነ ዛይት ጽቫይ ያረ ኢን ኢረ ቮኑንግ። ዲ ሃይጹንግ ፉንክጽዮኒርት ዛይት አይነን ሞናት ኒሽት። ኢሽ ሃበ ዚ አይን ብሪፍ ገሽሪበን። ቢተ ሺከን ዚ አይን ሃንትቨርከር ኢን ዲ ቮኑንግ። ቢተ ሄልፈን ዚ ሚሽ።»

እርስዎ ቤት ውስጥ ከኖርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ማሞቂያው አንድ ወር ሙሉ አልሠራም፤ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ፤ እባክዎ ጥገና የሚያውቅ ሰው ወደ ቤቱ ይላኩልኝ፤ እባክዎ ይርዱኝ። አከራዩ ሁሉም ይገባዋል። በካዙስ ረገድ ግን ሰባት ስሕተት አለበት። «ያረ» መሆን የነበረበት «ያረን»፣ «ኢረ ቮኑንግ» መሆን የነበረበት «ኢረር ቮኑንግ»፣ «አይነን ሞናት» የነበረው «አይነም ሞናት»፣ «ዚ» የነበረው «ኢነን»፣ «አይን ብሪፍ» የነበረው «አይነን ብሪፍ»፣ «አይን ሃንትቨርከር» የነበረው «አይነን ሃንትቨርከር»፣ «ሚሽ» የነበረው «ሚር»።

ስሕተቶቹን ቆጥሮ መደንገጥ ምንም አይጠቅምም፤ መደርደር ነው የሚጠቅመው። ከሰባቱ አምስቱ ዳቲቭ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አንድ ናቸው፤ «አይን» መባል ሲገባው ሳይሆን «አይነን» መባል ሲገባው የቀረ። ጌኒቲቭ አንድም ቦታ የለም። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ብትሸመድድ ኖሮ ከጊዜዋ ሩቡን ደብዳቤዋ ውስጥ ለሌለ ነገር ታውለው ነበር። ደግሞም አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ «ኢን ዲ ቮኑንግ» ያለችው ልክ ነው፤ ልክ የሆነው ግን በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። «በቤቱ ውስጥ» ስትልም «ወደ ቤቱ» ስትልም የተጠቀመችው ያንኑ የ«ዲ»ን ቅርጽ ነው፤ አንዱ ቦታ ገጠመላት፣ ሌላው ቦታ አልገጠመላትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ጾታና «ዴን»። ጾታ ሳይታወቅ ካዙስ የለም። «ሚት ዲ ቡስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ ለማወቅ መጀመሪያ «አውቶቡስ ብቻውን ሲሆን ምን ይቀድመዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። «ዲ ቡስ» ካለ ችግሩ የቃላት ነው፤ ቃሉን ከነአርቲክሉ አልያዘውም። «ዴር ቡስ» ብሎ በትክክል ከመለሰ ግን ችግሩ ካዙስ ነው፤ «ሚት» ዳቲቭ እንደሚፈልግ ረስቷል። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በፈተናው ርዕሶች ላይ የሚመጡ ስሞች በቀን ከ15 እስከ 20 ይያዛሉ፤ ቤት፣ ሥራ፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ መጓጓዣ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከመቶ በላይ ይሆናሉ፤ ለደብዳቤና ለንግግር ይኼ በቂ ነው። በካርድ የሚያጠና ሰው ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ፣ ግዑዙን በአረንጓዴ ቢጽፍ ዓይኑ ይረዳዋል። የቃሉ መጨረሻም ብዙ ሸክም ያቀላል፤ በ«ኡንግ»፣ በ«ሃይት»፣ በ«ካይት»፣ በ«ሻፍት» የሚያልቅ ስም «ዲ» ነው፤ ቮኑንግ፣ ሃይጹንግ፣ አንሜልዱንግ እያሉ መቀጠል ነው። በ«ሽየን» የሚያልቅ ማሳነሻ «ዳስ» ነው፤ ለዚህም ነው ሴት ልጅ እንኳ «ዳስ ሜትሽየን» የምትባለው። የሳምንቱ ቀኖችና ወሮች በሙሉ «ዴር» ናቸው።

ወደ አኩዛቲቭ ስንመጣ ደስ የሚል ዜና አለ፤ የሚለወጠው ወንዱ ብቻ ነው። «ዴር» ወደ «ዴን»፣ «አይን» ወደ «አይነን»፣ «ማይን» ወደ «ማይነን»። ሴቷ፣ ግዑዙና ብዙው ባሉበት ይቆያሉ። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ እዚህ ጋ ቀድሞ ይገኛል፤ ምክንያቱም ተሳቢን ምልክት ማድረግ ለኛ አዲስ አይደለም። «ቁልፌን ረሳሁ» ስንል ያለችው «ን» ጀርመኖቹ «ማይነን ሽሉሰል» ሲሉ የሚያሰሟት «ን» ናት። ድምፁም መግጠሙ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ግን ለማስታወስ ይጠቅማል።

ችግሩ ያለው አማርኛ «ን» በማይልበት ቦታ ነው። እኛ «ን»ን የምንቀጥለው የታወቀ ነገር ላይ ነው፤ «ፖሙን በላሁ» እንላለን፣ ያልታወቀ ሲሆን ግን «ፖም በላሁ» ብለን እናልፋለን። ጀርመንኛ ሁለቱንም ቦታ ምልክት ይፈልጋል፤ «ኢሽ ኤሰ ዴን አፕፈል»፣ «ኢሽ ኤሰ አይነን አፕፈል»። ከላይ በደብዳቤው ውስጥ «አይን ብሪፍ» እና «አይን ሃንትቨርከር» የተባሉት ለዚህ ነው፤ በአማርኛ «ደብዳቤ ጻፍኩ»፣ «ባለሙያ ላኩ» ሲባል «ን» የለም፤ ጆሮዋ ምንም አልጎደለም ብሏታል። ከዚህ የባሰው «አለኝ» ነው። «ወንድም አለኝ» ስንል ወንድሙ ባለቤት ነው፤ ተሳቢ አይደለም። ጀርመንኛ ግን «ኢሽ ሃበ አይነን ብሩደር» ይላል፤ ወንድሙ ተሳቢ ሆነ። «እዚህ ሱቅ አለ» ለማለትም «ኤስ ጊፕት ሂር አይነን ሱፐርማርክት» ነው፤ ያው አኩዛቲቭ። እነዚህን ሦስት መንገዶች፣ ማለትም ያልታወቀ ተሳቢን፣ «ሃበን»ን እና «ኤስ ጊፕት»ን፣ በወንድ ስሞች ብቻ እየቀያየሩ በየቀኑ አሥር አሥር ዓረፍተ ነገር መጻፍ የሳምንቱ ዋና ልምምድ ነው። «ኢሽ ብራውኸ አይነን ተርሚን»፣ ቀጠሮ እፈልጋለሁ፤ ጀርመን የሚኖር ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር የማይልበት ወር ስለሌለ ከርሷ መጀመር ጥሩ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ 20 የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ተጽፈው ወደ ጀርመንኛ ይመለሳሉ፤ ግማሾቹ ወንድ ስም ያለባቸው ይሁኑ። ከ16 በታች የተገኘ ከሆነ ሁለት ቀን ጨምሮ እዚያው መቆየት ይሻላል፤ አኩዛቲቭ ያልጸና ሰው ዳቲቭ ሲጨመርበት ሁለቱንም ያቀላቅላል።

ሁለተኛው ሳምንት ከባዱ ነው። ዳቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ወንዱና ግዑዙ «ዴም»፣ ሴቷ «ዴር»፣ ብዙው «ዴን» ሆኖ ስሙም መጨረሻው ላይ «ን» ይጨመርበታል፤ «ዲ ኪንደር» የነበሩት «ሚት ዴን ኪንደርን» ይሆናሉ። ተማሪውን የሚያሸብረው ሴቷ «ዴር» መሆኗ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ «ዴር ማለት ወንድ ነው» ሲል የከረመ ሰው «ሚት ዴር ፍራው» ሲባል ስሕተት ይመስለዋል፤ ሊያርመውም ይሞክራል። እዚህ ጋ መግባባት የሚያስፈልገው «ዴር»፣ «ዴን» የሚሉት ቅርጾች ብቻቸውን ምንም እንደማይናገሩ ነው፤ የሚናገሩት ስሙና ቦታው አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ዳቲቭን ብቻ የሚወስዱ በየቀኑ የሚያገለግሉ መስተዋድዶች ሰባት ናቸው፤ አውስ፣ ባይ፣ ሚት፣ ናኽ፣ ዛይት፣ ፎን፣ ጹ። በትምህርት ቤት እንደ ጸሎት በዜማ ያስጠኗቸዋል፤ ዜማው አይከፋም፣ ፈተና ላይ ግን ከመስተዋድዱ በኋላ የሚመጣው ቃል ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ሐረጉን ከነስሙ መያዝ ነው፤ «ሚት ዴም ቡስ»፣ «ሚት ዴር ባን»፣ «ባይ ዴር አርባይት»፣ «ናኽ ዴር ሹለ»፣ «ዛይት አይነም ሞናት»። ሐኪም ዘንድ መሆን «ባይም አርጽት»፣ ወደ ሐኪም መሄድ «ጹም አርጽት»፣ ከሐኪም መምጣት «ፎም አርጽት» ነው፤ «ባይ ዴም»፣ «ጹ ዴም»፣ «ፎን ዴም» ተጨፍልቀው ነው። ከመስተዋድዶቹ ውስጥ ለደብዳቤ የሚያስፈልገው ከሁሉ ይበልጥ «ዛይት» ነው። ማሞቂያው ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ፣ ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ፣ ሥራ ከመቼ ጀምሮ እንደተጀመረ መግለጽ የማይጠይቅ ደብዳቤ ጥቂት ነው። «ዛይት ጽቫይ ያረን»፣ «ዛይት ድራይ ሞናተን»፣ «ዛይት አይነር ቮኸ»፤ እነዚህን ሦስቱን በእጅ የጻፈ ሰው የሞዴሉን ደብዳቤ ሁለት ስሕተት ወዲያውኑ አስወገደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ግሦቹ ይመጣሉ፤ የኛን ቋንቋ ከጀርመንኛ ጋር ማስተያየት እዚህ ላይ ጥሩ ይከፍላል። አማርኛ «ለ» የሚልበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዳቲቭ ነው፤ «ለልጁ መጽሐፉን ሰጠሁት»፣ «ኢሽ ጌበ ዴም ኪንት ዳስ ቡኽ»። ሰጠ፣ ላከ፣ ጻፈ፣ ነገረ፣ መለሰ፤ እነዚህ ሁሉ በ«ለ» ይሄዳሉ፣ ጀርመንኛቸውም ዳቲቭ ነው። በሰውነታችን ላይ የሚደርሰውን ስንናገርም የአማርኛው አሠራር ለጀርመንኛው ቅርብ ነው፤ «በረደኝ» ማለት «ሚር ኢስት ካልት»፣ «ይጥመኛል» ማለት «ኤስ ሽሜክት ሚር»፣ «ራሴን አመመኝ» ማለት «ዴር ኮፕፍ ቱት ሚር ቬ» ነው። «በረደኝ» እያለ ያደገ ሰው «ሚር» የምትለው ቃል ለምን እዚያ እንደገባች ማስረዳት አያስፈልገውም። («ራበኝ» ግን አብሮ አይሄድም፤ እሱ «ኢሽ ሃበ ሁንገር» ነው።)

ወጥመዱ ያለው አማርኛ «ን» በሚልባቸው ጥቂት ግሦች ላይ ነው። ጎረቤቴን ረዳሁ፣ አስተማሪዬን አመሰገንኩ፣ ሰውየውን አመንኩት፣ ልጁን ተከተልኩት። በአማርኛ አራቱም ቀጥተኛ ተሳቢ አላቸው፤ በጀርመንኛ ሄልፈን፣ ዳንከን፣ ግላውበን፣ ፎልገን አራቱም ዳቲቭ ይወስዳሉ። የደብዳቤዋ «ሄልፈን ዚ ሚሽ» ከዚሁ የመጣ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ «ለሐኪሙ ደወልኩለት» ስንል «ለ» አለ፤ ጀርመንኛው ግን «ኢሽ ሩፈ ዴን አርጽት አን» ነው፤ አኩዛቲቭ። አምስት ቃላት ብቻ ናቸው። በአንድ ካርድ ላይ ሰፍረው ከስልኩ ጀርባ ላይ ቢለጠፉ የሚበቁ ናቸው፤ ከዚህ ሌላ ረጅም የዳቲቭ ግሦች ዝርዝር ማጥናት ለዚህ ፈተና አያዋጣም።

በዚህ ሳምንት በቀን የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያለፈውን ሳምንት ካርዶች ማገላበጥ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አዲሱን በጽሑፍ መለማመድ፣ የቀረውን ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ። ሥራ ውላ የመጣች ሰው ማታ አንድ ሰዓት ላታገኝ ትችላለች፤ ካርዶቹን ባቡር ውስጥ፣ ጽሑፉን ቤት ብታደርገው ያው ነው። የማይሆነው በሳምንት መጨረሻ ሰባቱን ሰዓት በአንድ ቀን መግፋት ነው፤ እንዲህ የተያዘ አርቲክል እስከ ረቡዕ አይቆይም።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ወገን የሆኑት መስተዋድዶች ይመጣሉ። ዘጠኝ ናቸው፤ አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ዩበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ጽቪሸን። ጥያቄው «ቮ?» ማለትም «የት?» ከሆነ ዳቲቭ፣ «ቮሂን?» ማለትም «ወዴት?» ከሆነ አኩዛቲቭ ይወስዳሉ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አማርኛ ልዩነቱን አርቲክል ላይ አለማሳየቱ ነው። «መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት» እና «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» በሚሉት ውስጥ «ጠረጴዛው ላይ» አንድ ነው፤ ልዩነቱን ግሡ ብቻውን ይሸከመዋል። ጀርመንኛው «ኢሽ ሌገ ዳስ ቡኽ አውፍ ዴን ቲሽ» እና «ዳስ ቡኽ ሊክት አውፍ ዴም ቲሽ» ብሎ ጠረጴዛውን ራሱን ይለውጠዋል።

ብዙ አስተማሪዎች «እንቅስቃሴ ካለ አኩዛቲቭ ነው» ብለው ያሳጥሩታል። ይህ አጭር መንገድ ያሳስታል። መናፈሻ ውስጥ እየሮጠ ያለ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ቢሆንም «ኤር ሎይፍት ኢም ፓርክ» ነው፣ ዳቲቭ፣ ምክንያቱም ከመናፈሻው አልወጣም፣ ወደ መናፈሻውም እየገባ አይደለም። «ኤር ጌት ኢን ዴን ፓርክ» የሚባለው ከውጭ ተነስቶ ድንበሩን ሲያልፍ ነው። መጠየቅ ያለበት «ተንቀሳቀሰ ወይ?» ሳይሆን «አዲስ ቦታ ገባ ወይ?» ነው። ለልምምድ የራስ ክፍል ይበቃል። አንድ ዕቃ አንስቶ ቦታ መቀየር፣ ሲያስቀምጡ የአኩዛቲቩን ዓረፍተ ነገር፣ ካስቀመጡ በኋላ የዳቲቩን ጮክ ብሎ መናገር። ለተኛ ነገር «ሌገን» እና «ሊገን»፣ ለቆመ ነገር «ሽቴለን» እና «ሽቴየን» የሚሉት ጥንዶች በዚያው ይያዛሉ።

ይህ ሳምንት ለቃል ፈተናው በቀጥታ ያገለግላል። የቃል ፈተናው ሁለት ተፈታኞች አብረው ገብተው የሚሠሩት ነው፤ ራስን ካስተዋወቁ በኋላ አንድ ሥዕል ይገለጻል፣ ቀጥሎ ሁለቱ ተፈታኞች አንድ ነገር አብረው ያቅዳሉ። ሥዕል መግለጽ «የት?» የሚለው ጥያቄ አገር ነው፤ ዳቲቭ። ማቀድ ደግሞ በአብዛኛው «ወዴት እንሂድ?» ስለሆነ አኩዛቲቭ ይበዛበታል። የሥዕሉ መክፈቻ ሁልጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል፤ «አውፍ ዴም ቢልት ዜየ ኢሽ አይነን ማን»፣ በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ይታየኛል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዳቲቩም ያ አስቸጋሪው «አይነን»ም አሉ። አንደበት ላይ እስክትለሰልስ ድረስ ማለት፣ ከዚያ «ማን» የሚለውን አውጥቶ «አይነ ፍራው»፣ «አይን ኪንት» እየተኩ መቀጠል ነው።

ጌኒቲቭስ? «ቬገን» እና «ቬረንት» ሲመጡ አይቶ ማወቅ ይበቃል፤ «የወንድሜ መኪና» ለማለት «ዳስ አውቶ ፎን ማይነም ብሩደር» ማለት በንግግር የተለመደ ነው። እሱም ያው ዳቲቭ ነው፤ የሁለተኛው ሳምንት ሥራ ነው።

የቅጽል መጨረሻዎችም ለብቻቸው ብዙ ገጽ የሚፈጅ ትምህርት ናቸው፤ በአራት ሳምንት ውስጥ እነርሱን መጀመር ሌላውን ያፈርሳል። አንድ ነገር ብቻ መያዝ ይቻላል፤ በዳቲቭ ከአርቲክል በኋላ የሚመጣ ቅጽል ሁልጊዜ በ«ን» ያልቃል። «ሚት ዴም ኖየን ኮሌገን»፣ «ኢን ዴር ክላይነን ቮኑንግ»። ከዚሁ ምሳሌ ጋር ሌላ ትንሽ ነገር ትታያለች፤ «ኮሌገ» ራሱ «ን» ጨመረ። ኮሌገ፣ ናኽባር፣ ሄር የሚሉት ጥቂት የወንድ ስሞች ከባለቤትነት ሲወጡ ይህን ያደርጋሉ። ፖስታ ላይ «አን ሄርን» ተብሎ የሚጻፈው ለዚያ ነው።

አራተኛው ሳምንት አዲስ ነገር የለበትም። ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ደብዳቤ በ30 ደቂቃ፤ ለአከራይ፣ ለልጅ አስተማሪ፣ ለአሠሪ። ከ30ው ደቂቃ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ለመፈተሽ ይቀመጣሉ፤ ፍተሻው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ማንበብ አይደለም። እንደዚያ ያነበበ ሰው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያነበው። በቅደም ተከተል መፈለግ ነው፤ መጀመሪያ «ዛይት»፣ «ሚት»፣ «ባይ»፣ «ጹ» የተጻፉበትን ሁሉ ፈልጎ ቀጣዩን ቃል ማየት፤ ሁለተኛ «ሃበ» እና «ብራውኸ» ያሉበት ሄዶ «አይን» የቀረ ካለ ማረም፤ ሦስተኛ «ሄልፈን» እና «ዳንከን» ካሉ «ሚር» ወይም «ኢነን» መሆኑን ማረጋገጥ። የቀረ ጊዜ ካለ «ኢን» እና «አውፍ»። የጽሑፉ ውጤት የሚሰጠው በአራት መለኪያ ነው፤ ይዘቱ፣ አቀራረቡ፣ ሰዋስው ትክክለኛነቱና የቃላት ሀብቱ። እናም ለካዙስ ተብሎ ከተጠየቁት አራት ነጥቦች አንዱን ሳይመልሱ መቅረት ኪሳራ ነው።

በሌሎቹ ቀኖች የንባቡ የመጨረሻ ክፍል ይሠራል። ስድስት ክፍት ቦታ ያለው ደብዳቤ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ምርጫ ይቀርባል። ሁሉም ካዙስ አይደሉም፤ ካዙስ የሆነው ሲመጣ ግን ምርጫዎቹን ከማየት በፊት ክፍት ቦታውን በእጅ ሸፍኖ ከፊቱ ያለውን መስተዋድድ ወይም ግሥ ማንበብና መልሱን ለራስ መናገር ይረዳል። ሦስቱን ምርጫዎች አስቀድሞ ያነበበ ሰው ሦስቱም ልክ ሆነው ይሰሙታል።

ዋዜማው ቀን ላይ ያቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ዳግም በ30 ደቂቃ ትጻፍ፤ ያንኑ አከራይ፣ ያንኑ ማሞቂያ። ሰባቱ ስሕተት ወደ ሁለት ቢወርድ፣ ሁለቱም «ኢን» እና «አውፍ» ላይ ቢሆኑ፣ ከዚያ በላይ ማጥናት አያስፈልግም። አሁንም «ዛይት» እና «ሄልፈን» ላይ ከሆኑ ደግሞ የቀረውን ምሽት የሚወስዱት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ በቃል ፈተናው ላይ «ሚሽ» ብላ የጀመረች ሰው ዘወር ብላ «ሚር» ብትል ፈታኙ የሚሰማው ራሷን ማረሟን ነው።